«ታኬታዬን ስጡት»፦ አንዲት የደሴ እናትና የልጇ ሚም

መልእክቱ የደረሰኝ በ2017 ዓ.ም ረመዳን አጋማሽ ላይ፣ ከተራዊሕ በኋላ ነው። ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጋይዳንስ ነኝ። ወላጅ ማታ ሲጽፍልኝ ብዙውን ጊዜ ስለ ፈተና ወይም ስለ ቅጣት ነው። ይሄ ግን ሌላ ነበር። አንድ ስክሪንሾት፣ ከስሩ ደግሞ ጥያቄ።

«መምህር፣ ይቅርታ በዚህ ሰዓት። ታናሽ እህቱ ናት ያሳየችኝ። ወላሂ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። ይሄ ልጅ እየቀለደ ነው ወይስ ሊሞትብኝ ነው?»

ስክሪንሾቱ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ አጽም አለ። ከላይ «ማትሪክ ስንጠብቅ» ይላል። ከታች «ጀለሶች ተበላን። እኔ ከኢድ በኋላ ላሽ። ታኬታዬን ለቹቹ ስጡት»። መጨረሻው ላይ ሦስት የራስ ቅል ምልክቶች ተደርድረዋል። ልጁ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ቴሌግራም ስቶሪው ላይ ነው የለጠፈው።

ጉዳዩን የምጽፈው በእናትየውም በልጁም ፈቃድ ነው፤ ማንነታቸውን የሚያሳዩ ነገሮችን ቀይሬያለሁ። የጠየቁኝን ጥያቄዎች ግን እንደጠየቁኝ አስቀምጣለሁ፤ ምክንያቱም ከዚያ ወዲህ የመጡ ወላጆች ሁሉ የሚጠይቁኝ እነዚያኑ ነው።

ከማንኛውም መልስ በፊት እኔ ነኝ የጠየቅኋቸው። ልጁ አሁን የት ነው? ዛሬ አፍጥሯል? ከሰው ጋር እያወራ ነው? ከዚህ በፊት መሞት እፈልጋለሁ ብሎ ወይም ራሱን ጎድቶ ያውቃል? አከታትለው መለሱ። ቤት ነው፣ ሳሎን ፍራሽ ላይ ተጋድሞ ስልኩን እያየ ይስቃል። ሾርባውንም ሳምቡሳውንም በልቷል። እንዲህ ያለ ነገር ብሎም አድርጎም አያውቅም። በዚህ መሠረት «አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዱት» የሚያሰኝ ነገር አልነበረም። ግን ዝም ተብሎ የሚታደርበትም አልነበረም። ደወልኩላቸው።

«ራስ ቅል ምን ማለት ነው? ሦስት ጊዜ ነው ያደረገው!»

ሳቅ ማለት ነው። በአሁኑ ልጆች አጠቃቀም የራስ ቅል ምልክት «በሳቅ ሞትኩ» ነው፤ ሦስት መሆኑ ደግሞ ሳቁን ያበዛዋል እንጂ ሞቱን አያበዛውም። ይሄ ለእኛም እንግዳ አይደለም። እኛስ «ገደልከኝ እኮ!»፣ «በሳቅ ፈነዳሁ» እንል የለ? ልጆቹ ያንኑ በምልክት አደረጉት። አጽሙም እንደዚያው ነው፤ ወንበር ላይ የተቀመጠው አጽም ጥበቃ ረዝሞብን አለቅን ማለት ነው፣ በዓለም ሁሉ የሚዞር ሥዕል ነው።

«ተበላን» ማለት ተሸነፍን፣ አበቃልን ማለት ነው። ኳስ ሲሸነፉም፣ ሒሳብ ሲወድቁም፣ ታክሲ ሲያመልጣቸውም ተበላን ነው።

«ላሽ» ግን ቆም አደረገኝ። ላሽ ማለት ከአንድ ቦታ ጥሎ መሄድ፣ መሰወር ነው። ከክፍል የሚፎርፍ ልጅ ላሽ ይላል። ፍቅረኛዋን የተወች ላሽ አለችው ይባላል። ከዚህ ዓለም ላሽ ልበል የሚልም አይጠፋም። ስለዚህ ቃሉ ብቻውን ምንም አይነግረንም። መዝገበ ቃላት ቢኖርዎትም አይነግርዎትም። ወላጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ቃሉ ከተፈታ ነገሩ የተፈታ ይመስላቸዋል።

«ታዲያ በምን ልለየው?»

በዚያ ሰሞን ያን ሚም የማይላላክ ተማሪ አልነበረም፤ የመጀመሪያውን ፈልጌ አገኘሁት። ያው አጽም፣ ከላይ ያው «ማትሪክ ስንጠብቅ»፣ ከታች ግን «ጀለሶች ተበላን» ብቻ። ሌላ የለውም። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ላክሁላቸውና እንዲህ አልኳቸው፦ «የሁሉም የሆነውን በጣትዎ ይሸፍኑት። የቀረው የእሱ ነው።»

የሸፈኑት አጽሙን፣ ራስ ቅሉንና «ተበላን»ን ነው፤ ማለትም መጀመሪያ ያስደነገጣቸውን ሁሉ። የቀረው «እኔ ከኢድ በኋላ ላሽ። ታኬታዬን ለቹቹ ስጡት»።

ሚም እንደ ወል ልብስ ነው፤ ሁሉም ይለብሰዋል፣ ልጁ ስለለበሰው ብቻ ስለ ልጁ የሚነግርህ ትንሽ ነው። ልጁ ቀዶ የሰፋው ቦታ ካለ ግን ልኩ እዚያ ላይ ይታያል። እኔ ሦስት ነገር እፈልጋለሁ፦ ጊዜ፣ እውነተኛ ስም፣ እውነተኛ ዕቃ። ዝም ብሎ «ሞቻለሁ» የሚል ልጅ ቀን አይቆርጥም። የሚቀልድ ልጅ «ሀብቴን ለድሆች ስጡ» ይላል፤ የራሱን ታኬታ፣ ስሙን ጠርቶ ለሚያውቀው ጓደኛ አይናዘዝም። ይሄኛው ሚም ላይ ሦስቱም አሉ።

እናትየው ዝም አሉ። ከዚያ «ታኬታው እኮ አልጋው ስር የለም» አሉ። «አበድሮት ይሆናል ብዬ ነበር።»

ዕቃ ማደል፣ በተለይ ልጁ የሚሳሳለትን ዕቃ፣ ራሱን ሊያጠፋ ባሰበ ሰው ላይ ከሚታዩ ምልክቶች አንዱ ነው። ብቻውን ሲሆን ማስረጃ አይሆንም። ግን ጽሑፉ ላይ ያለው ነገር ቤት ውስጥም በተግባር ከተገኘ ሚሙ ቀልድ መሆኑ አብቅቷል።

«ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው የለጠፈው። ይሄ አያስፈራም?»

ሌላ ወር ቢሆን አዎ፣ እጠይቅ ነበር። እንቅልፍ ማጣት ትልቅ ምልክት ነው። አሁን ግን ረመዳን ነው፤ ከተማው በሙሉ ለሱሑር ይነቃል፣ ልጆቹ ደግሞ እስከዚያ ጭራሽ አይተኙም። ስለዚህ ሰዓቱን ተዉት አልኳቸው። ምግቡም ላይ እንደዚያው ነው፤ ፆም የምግብ ፍላጎት መጥፋትን ይሸፍናል፣ ቀን አለመብላቱ ምንም አይነግረንም፣ ማየት ያለብን አዛን ሲል እንዴት እንደሚበላ ነው። እሱ ደግሞ ይበላል። ከጓደኞቹ ጋር ተራዊሕ ይሄዳል። ኳሱንም አልተወም፣ ታኬታ ሳይኖረው በሸራ ጫማ ይጫወታል። ልጁ ከሕይወት እየወጣ ያለ ልጅ አይመስልም ነበር። ታዲያ ታኬታውን ለምን ሰጠ? ይሄ ነው ያልገጠመልኝ።

«ስልኩን ልቀማው? አባቱ ሰብሮ ይጥለዋል።»

አይሆንም። የምናይበትን መስኮት ሰብረን ቤቱ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ አንችልም። ስልኩ ከተወሰደ ነገ በጓደኛው ስልክ ሌላ አካውንት ይከፍታል፣ ያኔ ታናሽ እህቱም አታየውም። ደግሞ እህቱ ናት ያሳየችው ከተባለ የሁለቱ ነገር ያበቃል፤ እሷን አታጋልጡ። አባትየው ለጊዜው አይስሙ ማለቴ አይደለም፤ ግን የመጀመሪያው ወሬ በቁጣ እንዳይሆን እናትየው ቀድመው ቢያናግሩት ይሻላል አልኩ።

«ራስህን ልታጠፋ ነወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ያላሰበውን ባስታውሰውስ?»

ይሄን የማይፈራ ወላጅ አላጋጠመኝም። እኔም ሥራውን ስጀምር እፈራ ነበር። ነገሩ በብዙ አገር ተጠንቷል፤ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን ልጁ ውስጥ አይተክልም። ሐሳቡ ከሌለ «ኧረ ምን ሆነሻል ኡሚ» ብሎ ያልፈዋል፤ ካለ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያወራው ሰው አገኘ።

የሚጎዳው አጠያየቁ ነው። «እንዲህ ያለ ነገር አስበህ ከሆነ ወላሂ አልምርህም!» ጥያቄ አይደለም፣ «የለም» በል የሚል ትእዛዝ ነው። «ሐራም መሆኑን ታውቃለህ?» ብሎ መጀመርም እንደዚያው አፉን ያዘጋዋል። እሱ ያውቀዋል፤ እያወቀም አስቦ ሊሆን ይችላል። ኃጢአቱ ቆይቶ የሚወራበት ቀን አለው።

እናትየው የማይሸሹ ሴት ናቸው። ቃል በቃል ምን ልበል አሉኝ። ተለማመድን፣ በስልክ፣ እኔ ልጁን ሆኜ። የተስማማንበት ይሄ ነበር፦ «ከኢድ በኋላ ላሽ ያልከውን አየሁት። ታኬታህም አልጋ ስር የለም። ልቆጣህ አይደለም፣ ስለፈራሁ ነው። መሞት ተመኝተሃል? ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ከዚያ ዝም። ዝምታውን እንዳይሞሉት አደራ አልኩ፤ አስር ሰከንድም ቢሆን፣ ሀያም ቢሆን። ከባዱ ክፍል ይሄ ነው።

ፊት ለፊት አስቀምጦ ሳይሆን እጅ ሥራ ይዞ ጎን ለጎን ሆኖ ይሻላል። ሱሑር ሲያሞቁ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻችሁን ናችሁ፣ ያኔ ይሁን አልን። አዎ ካለ የሚቀጥሉት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፦ በምን አሰብክ፣ መቼ፣ ያሰብክበት ነገር እጅህ ላይ አለ ወይ። ለእነዚህም መልስ ካለው ለአንድ ደቂቃ ብቻውን አይቀመጥም፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል፣ እኔም እመጣለሁ። እስከዚያው ቤት ያለ መድኃኒትና የተባይ መርዝ ዛሬውኑ ይቆለፍ አልኳቸው። ልጁ እስኪጠየቅ ተብሎ የሚቆይ ነገር አይደለም።

ከሌሊቱ አስር ተኩል ላይ ጻፉልኝ። ስልኬን እጄ ላይ ይዤ ነበር።

«ጠየቅኩት። ሳቀ። ዝም ስል እሱም ሳቁን ተወ። ‹ኡሚ ወላሂ ስለ መሞት አላሰብኩም፣ ላሽ ማለት እኮ መሄድ ነው› አለኝ። ወዴት ስለው ‹ቀልድ ነው› ብሎ ገብቶ ተኛ። አልሐምዱሊላህ።»

እኔም አልሐምዱሊላህ ብዬ ተኛሁ። መናገር ያለብኝ ስህተቴ ይሄ ነው። አንዱን አደጋ ስንፈልግ ቆይተን እሱ አለመኖሩን ስናውቅ፣ ጉዳዩ የተዘጋ መስሎኝ አደርኩ። ቀኑ ግን አሁንም መልስ አላገኘም ነበር። ታኬታውም እንደዚያው። ልጁ «መሄድ ነው» ብሎ እየነገረን የሰማነው «መሞት አይደለም» የሚለውን ብቻ ነው።

ሁለት ቀን ቆይቶ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እናትየው ልብስ ሲያጥቡ ጂንስ ሱሪውን ገለበጡት። ወገቡ ላይ፣ ቀበቶ የሚገባበት ጨርቅ ውስጥ በኩል፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ ቁጥር ተጽፏል። ውኃው ትንሽ አደብዝዞታል። በ966 ይጀምራል። ሁለት ጊዜ ተደጋግሞ ተጽፏል፣ አንዱ ቢጠፋ ሌላው እንዲቀር።

966 የሳዑዲ መለያ ቁጥር ነው። ጅዳ ያለው የአጎቱ ስልክ ነበር።

ወሎ ውስጥ ለኖረ ሰው ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከኮምቦልቻ ባቲ፣ ከባቲ ሚሌ፣ ከአፋር ጅቡቲ፣ ከታጁራ ኦቦክ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን፣ ከየመን በእግር ወደ ሳዑዲ ድንበር። ስልክ በመንገድ ላይ ይዘረፋል፣ ወረቀት ይርሳል። ቁጥሩን ሱሪ ላይ የሚጽፈው መንገዱን የሚያውቅ ሰው የመከረው ልጅ ነው።

ያኔ ሚሙ በአንዴ ተነበበልኝ። «ከኢድ በኋላ» የጉዞው ቀን ነው፤ ኢድን ከቤተሰብ ጋር አክብሮ መውጣት። ታኬታ ለዚያ መንገድ አይሆንም፣ ስለዚህ ለቹቹ። ስቶሪው ራሱ ለጓደኞቹ የተላከ ስንብት ነበር። ራስ ቅሎቹ ደግሞ ያው ሳቅ ናቸው፤ ግን አንድ ልጅ ትልቅ ነገር ተናግሮ ሰው ቢደነግጥ «ቀልዴን እኮ ነው» ማለት እንዲችል የሚያስቀምጣቸው ናቸው። ይሄን ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሳቁ የተለጠፈው መውጫ በር ሆኖ ነው።

«አሁንስ ምን ልበለው? ፖሊስ ልጥራ?»

ደላላው ወንጀለኛ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን በከባዱ ይቀጣል። ጥቆማው ይሰጣል፣ በኋላም ተሰጥቷል። ግን ልጁ ገና ሳያወራ ፖሊስ ከመጣ ልጁ ያው ማታ ነው የሚወጣው። ቅድሚያ እሱ።

በማግስቱ እሁድ ቢሮዬ መጡ፣ እናትም አባትም ልጁም። አባትየውን ውጭ በረንዳ ላይ ቀድሜ አናገርኳቸው። ሹፌር ናቸው፤ መንገዱን ከእኔ በላይ ያውቁታል፣ ንዴታቸውም ከዚያ ነው። «እኔ ሚሌ ላይ ስንቱን ልጅ ውኃ አጠጥቼ አልፌያለሁ፣ የኔው ልጅ…» ብለው አልጨረሱትም። ይሄንኑ ለእሱ ይንገሩት፣ ከዚህ በላይ አይጨምሩ አልኳቸው።

ልጁን ብቻውን ሳገኘው ሞትን በድጋሚ ጠየቅኩት። ለእናቱ «የለም» ያለ ልጅ ለውጭ ሰው ሌላ ሊል ይችላልና። ዓይኔን እያየ የለም አለ። አመንኩት። ከዚያ «ላሽ»ን ጠየቅኩት፣ በራሱ ቃል። «ላሹ በባቲ ነው?»

ጭንቅላቱን ደፋ። ሦስት ናቸው። ደላላው የአንዳቸው የሰፈር ሰው ነው። ብር አሁን አትከፍሉም፣ ስትደርሱ ዘመድ ይልካል ብሏቸዋል።

ሊያስፈራራው የሚችል ወሬ ሁሉ እሱ ጋ አለ። የሰጠሙ ጀልባዎችን ቪዲዮ አይቷል። ድንበር ላይ የተተኮሰባቸውን ያውቃል፤ ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2015 መጨረሻ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን ገድለዋል ብሎ ያወጣውን ዘገባ ቁራጭ ቲክቶክ ላይ አይቶታል። ሚም ሠርተውበታል ጭምር። ስለዚህ ሌላ ሬሳ ማሳየት አይረባም፤ ብዙ ወላጅ መጀመሪያ የሚያደርገው ግን እሱን ነው።

ያልሰማው ነገር «ስትደርስ ትከፍላለህ» የሚለው ምን ማለት እንደሆነ ነው። እሱ የመሰለው ሳዑዲ ደርሶ፣ ሥራ ይዞ፣ ከደሞዙ። በተግባር ሒሳቡ የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ የመን ላይ ነው። ልጁ ተይዞ፣ ቤተሰብ ስልክ እየተደወለለት፣ ጩኸቱን እየሰማ። ዋጋውንም በዚያ ሰዓት የሚቆርጠው የያዘው ሰው ነው። «እና የሚደወለው ለማን ይመስልሃል?» አልኩት። የአጎቱ ቁጥር አለ። የእናቱም አለ። ዝም አለ። «ኡሚ ወርቋ እኮ አንድ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ሲል ነው የተመለሰ የመሰለኝ።

ለምን እንደሚሄድ ስጠይቀው መልሱ ተዘጋጅቶ ነበር። «ቲቸር፣ ከ100 ልጅ 5 ነው የሚያልፈው። እኔ አምስቱ ውስጥ የለሁም።» ቁጥሩን አልፈጠረውም፤ በ2016 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ናቸው፣ ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ 3.3 በመቶ ነበሩ። ሚሙ ላይ ያለው «ተበላን» እንግዲህ ይሄ ነው። ቀልዱም እውነቱም ያው አንድ ቃል ውስጥ ነበሩ።

ሌላም አለ፣ አሁን ድረስ የማስበው። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ 9ኛ ክፍል ነበር። ቤተሰቡ ሌሊት ወጥቶ፣ ግማሹን በእግር ግማሹን በመኪና ደብረ ብርሃን ደረሰ። «ቲቸር፣ ያኔ በእግር ሄደን አይደል የዳነው?» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም። ለዚህ ልጅ መሄድ ማለት መዳን ነው፤ አንዴ ሞክሮት ሠርቷል። መንገዱ አደገኛ ነው የሚለው ወሬ ለምን እንደማይገባው ያኔ ገባኝ።

ያደረግነው ብዙ አይደለም። አጎቱ ከጅዳ በቪዲዮ ደወሉ፤ ፎቶ የሚልኩትን ቤት ሳይሆን የሚተኙበትን ክፍል እንዲያሳዩት ለመንኳቸው፣ አሳዩት። ስድስት ሰው፣ ስድስት ፍራሽ። «መኪና ሲያልፍ ፖሊስ እየመሰለኝ ስምንት ዓመቴ ነው» አሉት። አባትየው ደግሞ ፈተናው ባይሳካ ምን እንደሚሆን ቁርጡን ነገሩት፤ ኮምቦልቻ አንድ የሚያውቁት ጋራዥ አለ፣ ጎን ለጎን ቴክኒክና ሙያ። ልጁ ከዚያ በፊት «ካላለፍክ ምን ልትሆን ነው!» የሚለውን እንጂ «ካላለፍክ ይሄ አለ» የሚለውን ከቤቱ ሰምቶ አያውቅም።

ለሁለቱ ጓደኞቹ ቤተሰብም ተነገረ። ልጁ ራሱ ፈቅዶ ነው፣ ከብዙ ልመና በኋላ። አንደኛው ቀረ። ሁለተኛው ከኢድ በኋላ በሦስተኛው ቀን ሄደ።

በዚያው ዓመት ሐምሌ 27 የመን ውስጥ አብያን ዳርቻ ላይ ስደተኞች የጫነች ጀልባ ሰጥማ ከ90 በላይ ሰው ሞተ፣ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ነው። እሱ እዚያ ውስጥ አልነበረም፤ ቀድሞ ተሻግሮ ነበር። ግን ያን ሳምንት እናቱ በየቀኑ ስልክ ይዘው ወደ ቢሮዬ ይመጡ ነበር፤ የማይነሳ ቁጥር እንድደውልላቸው።

«ቢሳሳቱስ ኖሮ? ሞት ቢሆንስ ኖሮ በምን ያውቁ ነበር?»

ይሄን እናትየው የጠየቁኝ በኋላ ነው፣ ረጋ ሲሉ። ያው ሚም ሆኖ የማስበው ሌላ የሚሆንበት ሁኔታ አለ። የተጨመረችው መስመር ስለ መንገድ ሳይሆን ስለ ራሱ ዋጋ ብትሆን፤ «ሸክም ሆንኩባችሁ»፣ «ባልኖር ይቀላችኋል»፣ «አትፈልጉኝ»። ሳቁ ከጓደኞቹ ጋር ሳይሆን ማንም ለማያየው ቦታ ብቻ ቢለጠፍ። ኳሱን ቢተው፣ አዛን ሲል ቢጠራም ባይነሳ። ወይም ሳምንታት ተክዞ ቆይቶ ምክንያቱ ሳይታወቅ በድንገት ቀለል ቢለው፤ ይሄኛው ወላጅን የሚያስደስት በመሆኑ ነው የምፈራው፣ የወሰነ ሰው አንዳንዴ እንደዚያ ይረጋጋል።

ጉዞ ሲሆን ደግሞ ዝግጅቱ ወደ ፊት የሚያይ ነው። ቁጥር ይጻፋል፣ ጫማ ይመረጣል፣ ስለ ገንዘብ ምንዛሪ ይጠየቃል፣ ዘመድ ጋ ድንገት መደወል ይበዛል። ሁለቱ ግን የሚመሳሰሉበት ቦታ አለ፤ ዕቃ ማደልና መሰናበት ሁለቱም ጋ አለ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አልቀይረውም። ጉዞ ቢመስለኝም መጀመሪያ የምጠይቀው ሞትን ነው፣ እሱ ለነገ ይደር የሚባል ስላልሆነ። የምቀይረው ነገር ቢኖር አንዱ «የለም» ከተባለ በኋላ መተኛቴን ነው፤ ቀኑና ዕቃው መልስ እስኪያገኙ ድረስ አልተኛም።

ፈተናውን በሰኔ ተፈተነ። ግማሽ አላመጣም። አሁን ኮምቦልቻ ጋራዡ ጋ ነው፣ ጠዋት ይማራል፣ ከሰዓት እጁን ግሪስ ያስነካል።

ባለፈው ወር ከእናትየው ሌላ ስክሪንሾት መጣልኝ። ልቤ ደነገጠ። ሞተሩ የጨሰ መኪና፣ ከስሩ «ሰኞ ጠዋት እኔ»፣ አራት ራስ ቅል። ከስሩ እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦

«የሁሉንም በጣቴ ሸፈንኩት። የሱ የቀረ የለም። ቀንም የለ፣ ስምም የለ። ዋናውን እህቱ ፈልጋ አሳየችኝ፣ ያው ነው፣ አንድም አልነካውም። ታኬታውንም አልጋው ስር አይቻለሁ፣ ቹቹ መልሶለታል። ዛሬ አልጠይቀውም። ልክ ነኝ መምህር?»

«ልክ ነዎት» ብዬ መለስኩላቸው።